የእናትን ፎቶ በጎንደር የአሣሣል ስልት፦ መቼ እንደገና ማውጣት፣ መቼ በእጅ ማረም

ጥያቄ፦ «ለእናቴ 60ኛ ዓመት ልደት አንድ ፎቶዋን በጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስልት እየሠራሁ ነው። ነጠላ ለብሳ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችበት ፎቶ ነው። የምጠቀመው ምስል የሚሠራው ሞዴል ስቴብል ዲፍዩዥን 1.5 ነው፣ መጠኑ 576 በ768። Denoising strength፣ ማለትም ሞዴሉ ፎቶውን እንዲቀይር የሚሰጠው ነጻነት፣ 0.4 ላይ ሲሆን እሷን ይመስላል፣ ግን ፊልተር የተደረገበት ፎቶ ሆኖ ይቀራል። 0.75 ላይ ሥዕሉ ያምራል፣ ግን ሌላ ሴት ናት። ሴት ልጇ ሆኜ እንኳን አሁን መፍረድ አቅቶኛል፣ ዓይኔ ደከመ። ፎቶውንና ሁለቱን ምስሎች አያይዣለሁ። የትኛውን ይዤ በእጄ ላስተካክል? ወይስ እንደገና ልሞክር? በ30 በ40 ሴንቲሜትር አሳትሜ ልሰጣት ነው።»

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱንም በትልቁ ከፍቼ አየኋቸው። ሁለቱንም አትያዢ። የ0.4ቱን ወደ ሥዕል ለመቀየር ከራስ እስከ እግር እንደገና መሣል ይጠይቅሻል። የ0.75ቱ ደግሞ ፊቱ ከመሠረቱ የሌላ ሰው ነው። ቀጣዩ ሙከራ እንዴት መሆን እንዳለበት ግን ሁለቱ አብረው በደንብ ይናገራሉ።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን እንያዝ። አብዛኛው ሰው ምስሉ እንደወጣ ጣት ይቆጥራል፣ ጌጡን ያያል፣ ጥርጣሬ ካደረበት ይጥለዋል። እኔ ጣት የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ትርፍ ጣት በብሩሽ ይጠፋል። ዓይንና አፍ ያለቦታቸው ከተቀመጡ ግን አንዱን ስታነሺ ሌላው ይዛባል፣ ፊቱን በሙሉ እየሣልሽ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ መመሳሰሉን፣ ቀጥሎ ስልቱን፣ እንከኑን በመጨረሻ።

መመሳሰሉን ከመፍረድሽ በፊት አንድ ነገር ወስኚ። ከፊቷ የትኛው ለስልቱ ይለቀቃል? የትኛው የእሷ ሆኖ ይቀራል? በጎንደር ሥዕል ዓይን ትልቅ ነው፣ ነጩ በሰፊው ይታያል፣ ብሌኑ ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ይመለከታል። ይህን ከስልቱ መቀማት አይቻልም። ከቀማሽው የጎንደር ሥዕል መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ «ዓይኗ እንዲህ ትልቅ አይደለም» ብለሽ ምስል አትጣዪ። ዓይኗ ለስልቱ ከተሰጠ፣ እናትሽን የሚያሳውቀን ሌላው የፊቷ ክፍል ነው።

ፎቶው ላይ እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ግንባሯ ሰፊ ነው፣ ፀጉሯም ከፍ ብሎ ይጀምራል። በአፍንጫዋና በላይኛው ከንፈሯ መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። አፏ ተዘግቶ የግራው ጫፍ ትንሽ ከፍ ይላል። አገጯ ጠበብ ያለ ነው። አንገቷ ላይ ደግሞ ንቅሳት አላት። በ0.75ቱ ምስል ላይ እነዚህ ሁሉ የሉም። ግንባሩ አጥሯል፣ አፍንጫው ረዝሟል፣ የአፉ ሁለት ጫፎች እኩል ሆነዋል። ንቅሳቱ የዶቃ ሐብል ሆኗል። «ሌላ ሴት ናት» ያልሽው በእነዚህ ምክንያት ነው፤ በዓይኑ ትልቅነት አይደለም።

ይህ የሚሆነው ሞዴሉ ነጻነት ሲሰጠው ወደሚያውቀው አማካይ ፊት ስለሚሄድ ነው። አማካይ ፊት ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ወጣት ነው፣ ብዙ ጊዜም ቆዳው ይፈካል። ሰውን ሰው የሚያደርገው ደግሞ ከአማካዩ የሚለይበት ነው። እኛ እናትሽን የምንለይባትን ነገር ሞዴሉ እንደ ስህተት ቆጥሮ ያቃናዋል። የእያንዳንዱን ውጤት ፊት ስትመረምሪ «የተቃናው የቱ ነው?» ብለሽ ጀምሪ።

የደከመ ዓይንን በመለኪያ ማገዝ ይቻላል። ፎቶውንና ውጤቱን በጊምፕ ወይም በፎቶሾፕ በሁለት ሌየር ደራርቢያቸው። የላይኛውን Opacity ወደ 50 አውርጂው። የሁለቱን ዓይኖች መሃል በመሃል ካጋጠምሽ በኋላ አራት ቦታ ብቻ ተመልከቺ፦ የፀጉሩን መጀመሪያ፣ የአፍንጫውን ሥር፣ የአፉን መስመር፣ የአገጩን ጫፍ። እኔ የምሠራበት ወሰን የፊቱ ቁመት አንድ ሃያኛ ነው። ፊቱ 480 ፒክስል ቢሆን እስከ 24 ፒክስል ያህል መሳሳት እታገሣለሁ። ከዚያ ካለፈ፣ በተለይ አፉ ላይ፣ ዘመድ ያውቀዋል። በ0.75ቱ ምስልሽ ላይ የአፉ መስመር ከዚህ ወሰን በእጥፍ ያህል ወርዷል።

ሁለተኛው ፈተና ሰው ነው። ፎቶውን ላላየ አንድ ዘመድ ምስሉን በስልክ ላኪለትና «ይህች ማን ናት?» በይው። «እማዬን ትመስላለች?» ብለሽ ከጠየቅሽ መልሱን ነግረሽዋል፤ ሰው ደግሞ እንዳይከፋሽ ብሎ እሺ ይላል። ስሟን በራሱ ከጠራ ፊቱ አልፏል። «ከአክስትሽ አንዷ ናት እንዴ?» ካለሽ የቤተሰቡ ፊት አለ፣ የእሷ ግን የለም። እንዲህ ያለው ውጤት ብዙ ጊዜ በፊት ላይ ብቻ በሚደረግ ማረም ይድናል።

ወደ ስልቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ከአንቺ ትንሽ እለያለሁ። የ0.75ቱን «ያምራል» ብለሻል። ያምራል፣ ግን የጎንደር አይደለም። ወርቃማው ዳራ፣ ቀጭኑና ረጅሙ አፍንጫ፣ ግንባሩና ጉንጩ ላይ ያሉት ነጫጭ የብርሃን መስመሮች የግሪክና የሩሲያ አይከን ምልክቶች ናቸው። ሞዴሉ ከኢትዮጵያ ሥዕል ይልቅ እነሱን በብዛት ስላየ፣ «የቤተ ክርስቲያን ሥዕል» ሲባል የሚሮጠው ወደዚያ ነው።

«ጎንደር» ስትይም የትኛውን እንደሆነ ለራስሽ ወስኚ። የ17ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ቀለሙ ደማቅና ጠፍጣፋ ነው፣ ዳራው ንጹሕ ነው፣ የልብሱ እጥፋት በመስመር ይሣላል። የ18ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛው ስልት ፊትና ልብስ ላይ ጥላ ያስገባል። ዳራውም ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው እያደር ይለወጣል፣ ለምሳሌ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ። ሁለቱን የቀላቀለ ምስል ምን እንደጎደለው ሳይታወቅ ይረብሻል። ለእናትሽ ነጠላ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ነጭ ጨርቅ በመስመር ሲሣል ያምራል፣ ለማረምም ይቀላል።

ደግነቱ ፎቶዋ ፊቷን ትንሽ ዞር አድርጋ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ እየታዩ የተነሣችው ነው። በሥዕላችን ልማድ በአንድ ዓይን፣ ከጎን የሚሣለው ክፉ ገጸ ባሕርይ ነው። ፎቶው ሙሉ በሙሉ ከጎን ቢሆን ኖሮ ሌላ ፎቶ ፈልጊ እልሽ ነበር።

ስልቱን ለመፈተን ፊቱን በእጅሽ ሸፍኚውና የቀረውን እዪ። ነጠላው፣ እጁ፣ ዳራው ብቻቸውን የጎንደር ሥዕል መሆናቸውን ይናገራሉ? ከዚያ ገልብጪውና ፊቱን ብቻ እዪ። በ0.4ቱ ምስልሽ ነጠላው ላይ ጥቁር መስመር አለ፣ ጉንጯ ላይ ግን ከመስኮቱ የመጣው ለስላሳ ብርሃን እንዳለ ነው። ልብሱ ተሥሏል፣ ፊቱ ፎቶ ነው። «ፊልተር» ያስባለሽ ይህ ነው። የመስኮት ብርሃን በሙሉ ሥዕሉ ላይ ስላለ በእጅ እያነሱ አይጨርሱትም።

አሁን እንደገና አውጪ። መሃሉን ቁጥር ብቻ መምረጥ ግን አይበቃም፤ 0.55 ላይ ትንሽ ፎቶ፣ ትንሽ ሌላ ሴት ልታገኚ ትችያለሽ። ነጻነቱን ለቀለምና ለብርሃን ስጪ፣ ለቅርጽ ከልክዪ። ለዚህ ኮንትሮልኔትን በLineart ክፈቺ። ከፎቶው የመስመር ሥዕል ያወጣና ሞዴሉ በዚያ ላይ እንዲሠራ ያስገድደዋል። Denoising strength 0.65 አካባቢ፣ Control Weight 0.7 አካባቢ ጀምሪ። ክብደቱን 1 ካደረግሽው ዓይኗ በፎቶው መጠን ይታሰርና ስልቱ መግባት ያቅተዋል።

ከዚያ በአንድ ቅንብር አራት ምስል አውጪ፣ Seed የሚባለው የምስሉ መነሻ ቁጥር ብቻ ይለያይ። አራቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ስህተቱን ፈልጊ። ማውጣትና ማረም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስህተት ከአራቱ በአንዱ ብቻ ከታየ የአጋጣሚ ነው፤ ሌላውን ምረጪ። ከአራቱ በሦስቱ ወይም በአራቱም ከታየ የቅንብሩ ነው። ያኔ Seed እየቀየሩ ሌሊቱን ማንጋት ዋጋ የለውም። ቁጥሩን፣ የጽሑፍ ትእዛዙን ወይም ፎቶውን ቀይሪ። ወርቃማ ዳራው አራቱም ላይ ከመጣ «አይከን» የሚለውን ቃል ከትእዛዙ አውጪ፣ የዳራውን ቀለም በስሙ ጻፊ። አገጯ አራቱም ላይ ከሰፋ Control Weight ትንሽ ጨምሪ። ስትቀይሪ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ ያለዚያ የቱ እንደሠራ አታውቂም።

ይህን አድርገሽም ፊቱ ድብልቅልቅ ሊል ይችላል። ምክንያቱ መጠን ነው። ስቴብል ዲፍዩዥን 1.5 ምስሉን በቀጥታ በፒክስል አይሠራም። አሳንሶ ነው የሚሠራው፣ 8 በ8 ፒክስል የሚሆነው ቦታ ውስጡ አንድ ነጥብ ይሆናል። እናትሽ እስከ ጉልበቷ ስለምትታይ ፊቷ በ768ቱ ቁመት ውስጥ የያዘው 120 ፒክስል ገደማ ነው። ያ 15 ነጥብ ነው። አንዱ ዓይኗ 20 ፒክስል ነው፤ ሁለት ነጥብ ተኩል። በሁለት ነጥብ ተኩል ሽፋሽፍትና ብሌን አይሣልም። በዚህ መጠን የተበላሸ ዓይን ሙሉ ምስሉን እንደገና ለማውጣት ምክንያት አይሆንም፣ መቶ ጊዜ ብታወጪም ያው ነው።

ስለዚህ አቀማመጡና ስልቱ የተስማማሽን ምስል አራት እጥፍ አሳድጊው፣ 2304 በ3072 ይሆናል። ለ30 በ40 ሴንቲሜትር ህትመት በኢንች 195 ፒክስል ማለት ነው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ይበቃል። አሁን ፊቷ 480 ፒክስል ሆኗል። Inpaint ውስጥ ገብተሽ ፊቱን ብቻ ቀቢው፣ Only masked የሚለውን ምረጪ፣ መጠኑን 768 በ768 አድርጊ። ፊቱ ብቻውን በትልቁ ተሠርቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። Denoising strength እዚህ 0.35 አካባቢ ይሁን። የምትቀቢውን ጠርዝ በፀጉሩና በነጠላው ጥቁር መስመር ላይ አሳልፊው፤ መጋጠሚያው መስመሩ ሥር ይደበቃል። ጉንጭ መሃል ላይ ካለፈ የቀለም ልዩነቱ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣ አንድ ስህተት አለ፣ ብዙ ሰው አያየውም። በትልቁ ተሠርቶ የተመለሰው ፊት መስመሮቹ ከልብሱ መስመር ይቀጥናሉ። ፊቱ በጥሩ ብዕር፣ ነጠላው በወፍራም ብሩሽ የተሣለ ይመስላል። በጎንደር ሥዕል ፊቱንም ልብሱንም የሚያያይዘው ያ ጥቁር መስመር ነው። ይህን እንደገና በማውጣት አታስተካክዪውም። በአዲስ ሌየር ላይ የቅንድቡን፣ የአፍንጫውን፣ የአገጩን መስመር በልብሱ መስመር ውፍረት በእጅሽ ድገሚው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከሁሉም እርማት ይህ ይበልጥብኛል።

መጨማደዷም እዚሁ ይታሰብበት። በፎቶ ላይ መጨማደድ ለስላሳ ጥላ ነው። ወደ መስመር ሲቀየር እያንዳንዱ ጥቁር ጭረት ይሆናል፣ የ60 ዓመት ሴት 80 ትመስላለች። ሁሉንም ካጠፋሽው ደግሞ 30 ትሆናለች። ከአፍንጫዋ ወደ አፏ የሚወርዱትን ሁለቱንና ግንባሯ ላይ ያለውን አንዱን ብቻ አስቀሪ፣ ከሌላው መስመር ቀጠን አድርገሽ። የቆዳዋ ቀለም ከፈካ በCurves ጨለም አድርጊው። ጠፍጣፋ ቀለም ስለሆነ ደቂቃ አይፈጅም፣ ለዚህ ብለሽ ጥሩ ፊት አትጣዪ።

እንከኖቹ ጋ ደረስን። ምሳሌ የማደርገው የ0.75ቱን ምስልሽን ነው፤ አዲሱ ላይም ሊመጡ ይችላሉ። መጀመሪያ እንከን ያልሆነውን ለዪ። ጣቶቿ ረጅምና አንጓ የሌላቸው መሆናቸው ስልቱ ነው። ጥፍር አለመታየቱም ስልቱ ነው። ግራ እጇ ላይ ያለው ስድስተኛ ጣት ግን እንከን ነው፤ በአጠገቡ ባለው የልብስ ቀለም ሸፍኚው፣ መስመሩን ድገሚ።

በራሷ ዙሪያ የመጣው አክሊለ ብርሃን በምንም መልኩ አይቅር። ሞዴሉ የስልቱ አካል አድርጎ ነው የሚያየው። ለእኛ ግን የቅዱሳን ምልክት ነው፣ በሕይወት ባለች እናት ላይ አይደረግም። ስጦታውን የሚያዩ ታላላቆች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። በደንብ ክብ ሆኖ ንጹሕ ዳራ ላይ ከተቀመጠ በዳራው ቀለም ሸፍኚው። ፀጉሯን ቆርጦ ከገባ፣ ወይም አራቱም ምስል ላይ ከመጣ፣ የማይፈለገው ነገር በሚጻፍበት በNegative prompt ውስጥ `halo` ብለሽ ጽፈሽ እንደገና አውጪ።

ከላይ በኩል ያሉት ፊደል መሳዮች ፊደል አይደሉም። ሞዴሉ የግእዝ ፊደልን መልክ እንጂ ንባብ አያውቅም። አጥፊያቸው። ስሟን መጻፍ ከፈለግሽ በግእዝ ፎንት በራስሽ ጻፊ፣ ወይም ጽሕፈቱ ያማረ ሰው በወረቀት ይጻፍልሽና ስካን አድርጊው።

የነጠላው ጥበብ መሃል ላይ ይቆረጣል፣ እጥፋቱን ሲሻገር ሌላ ጥለት ይሆናል። ይህንንም በእጅ ሥሪ። ከፎቶው አንዱን የጥለት ክፍል በመስመር ገልብጪ፣ ከዚያ እያባዛሽ በጠርዙ ላይ ደርድሪው፣ እጥፋቱ ጋ ስትደርሺ አጣምመሽ ቁረጪው። ንቅሳቱም እንዲሁ ነው። ሐብሉን በቆዳዋ ቀለም ሸፍኚ፣ ንቅሳቱን ከፎቶው እያየሽ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ አረንጓዴ በእጅሽ ሣዪው። ሞዴሉን ደግመሽ ብትጠይቂው ደግሞ ሐብል ያመጣልሻል።

ስታርሚ ሁሉንም በተለያየ ሌየር ያዢ። የታረመውን ሙሉ ምስል መልሰሽ በሞዴሉ አታሳልፊው። በገባ ቁጥር ይጨመቃል፣ እንደገና ይከፈታል፤ ቀጭን መስመሮችሽ እየለሰለሱ ይሄዳሉ። እንደገና መሥራት ያለበት ቦታ ካለ ያን ቦታ ብቻ አውጥተሽ በአዲስ ሌየር አምጪው።

ከፊቱ መሃል፣ ማለትም ከቅንድብ እስከ አገጭ ካለው ቦታ፣ ሲሶውን በእጅሽ ስትሥዪ ካገኘሽ ግን አቁሚ። ያኔ ምርጫሽ ነው የተሳሳተው። ወደ አራቱ ምስሎች ተመለሺ፣ ወይም ቅንብሩን ቀይረሽ አዲስ አራት አውጪ። ነጠላውና እጁ ላይ ግን ይህ ወሰን አይሠራም። እዚያ የፈለግሽውን ያህል ሣዪ፣ መመሳሰሉን አይነካውም።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክሽ በፊት ፊቷንና አንገቷን ብቻ ቆርጠሽ በትክክለኛው የህትመት መጠን ኤ4 ወረቀት ላይ አሳትሚ። በስክሪን የማይታየው የመስመር ድርብነት፣ ምስሉ ሲያድግ የሚመጣው፣ ወረቀት ላይ ይወጣል። ሁለት ሜትር ርቀሽ እዪው፣ ከዚያ በክንድ ርቀት። ከሁለት ሜትር ፊቷን ካወቅሽ፣ ከክንድ ርቀት የፊቷና የነጠላዋ መስመር እኩል ከሆነ፣ ላኪው። የወጡትን አራት ምስሎች ከመምረጥሽ በፊት ማሳየት ከፈለግሽም እዚሁ አያይዢያቸው፣ አያቸዋለሁ።